ሃያው የፈቃድ ቀን ከሰኞ ይጀምር

«ውድ አዘጋጆች፣ ዱባይ በአንድ የጽዳት ኩባንያ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የሳምንት ዕረፍቴ እሑድ ብቻ ነው። ወላጆቼ ዘጌ ናቸው፤ ታናሽ ወንድሜ አብሯቸው አለ። አባቴን በጥቅምት መጨረሻ ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው ደክሟል። እናቴ ደግሞ ስኳር አለባቸው፣ በኪኒን ነው ያሉት። 24 ቀን የዓመት ፈቃድ እንደቀረኝ ቢሮ ነግረውኛል። ጓደኛዬ ‹ሁለት የጉዞ ቀን ይጨመርልሻል፣ 26 ይሆናል› ትላለች። ለገና ገብቼ ከጥምቀት ማግስት ልመለስ? ወይስ ለፋሲካ ላቆየው? መመለሻዬ ቢዘገይ ሥራዬን እንዳላጣም እሰጋለሁ።»

እኅታችን፣ ለፋሲካ አታቆዪው፤ ለገናም አትግቢ። ገናን እዚያው ውለሽ ቅዳሜ ጥር 1 ከሥራ እንደወጣሽ በዚያው ሌሊት ተነሺ፤ ከ24ቱ ቀን 20ውን ብቻ ተጠቀሚ።

ፋሲካን የተውነው በአባትሽ ምክንያት ነው። ስትሮክ ያደከመው እጅና እግር አብዛኛውን መሻሻል የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላም ይሻሻላል፣ ግን ይዘገያል። ጥር መጀመሪያ ላይ ብትደርሺ ከሁለት ወር ጥቂት ቢያልፋቸው ነው፤ የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምናው ዋጋ ያለው ያኔ ነው። የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል እስከዚያ ከጠበቅሽ ስድስት ወር ሊሞላቸው ምንም አይቀረውም። እናትሽም ቢሆኑ 55 ቀን ጾም ላይ የቆዩበት ጊዜ ይሆናል። ስኳር ያለበት ሰው ጾሞ ሲሰነብት የሚገኘው የምርመራ ውጤት የዘወትር ሁኔታቸውን በትክክል አያሳይም።

አሁን ወደ ቀን ቆጠራው። ጓደኛሽ ያለችው የጉዞ ቀን በኤምሬትስ የግል ድርጅቶች የሥራ ሕግ ውስጥ የለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁጥር 33 ሕግ አንድ ዓመት ለሠራ ሰው 30 ቀን ይሰጣል። ይህ ግን የሥራ ቀን አይደለም፣ የካላንደር ቀን ነው፤ በመሐል ያሉት እሑዶች ይቆጠራሉ፣ የመንግሥት በዓል ቢገባበትም ከፈቃዱ ይታሰባል። የጉዞ ቀን የሚሰጡ ኩባንያዎች አሉ፤ የሚሰጡት ግን በራሳቸው ውል ወይም በውስጥ ደንባቸው ነው። የአንቺ ውል ላይ ካልተጻፈ ለሌላ ሠራተኛ ስለተሰጠ ብቻ ለአንቺም ይሰጣል ብለሽ ትኬት አትቁረጪ። (ሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ቁጥር 9። እነሱም 30 ቀን አላቸው፤ በየሁለት ዓመቱ አገር ቤት ሲሄዱ የደርሶ መልስ ትኬቱን አሠሪው ይችላል።)

ይሁን እንጂ ሁለቱን የጉዞ ቀን ማንንም ሳትለምኚ ታገኛቸዋለሽ። ፈቃዱ በመሐሉ ያሉትን እሑዶች ይበላል እንጂ በፊቱና በኋላው ያሉትን አይነካም። ስለዚህ ፈቃድሽ ሰኞ ጀምሮ ቅዳሜ እንዲያልቅ አድርጊ። ሰኞ ጥር 3 ጀምሮ ቅዳሜ ጥር 22 የሚያልቅ ፈቃድ 20 ቀን ነው። ከፊቱ ያለው እሑድ ጥር 2፣ ከኋላው ያለው እሑድ ጥር 23 ዱሮም የአንቺ ዕረፍት ናቸው። ሥራ የምትገቢው ሰኞ ጥር 24 ነው። ከሥራ የምትርቂው 22 ቀን ሆኖ የሚቆረጥብሽ 20 ይሆናል። ያንኑ 22 ቀን ከረቡዕ ጀምረሽ ብትወስጂው 22ቱም ይቆረጣል።

ይህ ስሌት የሚበላሸው በአንድ ነገር ነው። ከፈቃድሽ በፊት ባለው ሳምንት አለቃሽ ሰው አነሰኝ ብሎ ዕረፍትሽን ከእሑድ ወደ ሌላ ቀን ካዛወረው እሑድ ጥር 2 የሥራ ቀን ሆኖብሽ ያርፋል፤ አንቺ ደግሞ ያኔ አውሮፕላን ላይ ነሽ። ስለዚህ የፈቃድ መጠየቂያሽ ላይ አራት ቀን ለይተሽ ጻፊ፦ የመጨረሻው የሥራ ቀን ቅዳሜ ጃንዋሪ 9፣ የፈቃዱ የመጀመሪያ ቀን ሰኞ ጃንዋሪ 11፣ የፈቃዱ የመጨረሻ ቀን ቅዳሜ ጃንዋሪ 30፣ ሥራ የምመለስበት ሰኞ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2027። ከሥሩም «ጃንዋሪ 10 እና ጃንዋሪ 31 የሳምንት ዕረፍቶቼ ናቸው» የሚል አንድ መስመር ጨምሪ። ፈቃድ መጽደቁን በቃል ሳይሆን በኢሜይል ወይም በፊርማ ተቀበዪ፤ ትኬት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። የኢትዮጵያን ቀን ለቢሮው አትጻፊ፣ የፈረንጁን ቀን ለቤተሰብ አትንገሪ። ወንድምሽ አሥር ሲባል ጥር 10 መስሎት የሐኪም ቀጠሮ እንዳያበላሽ ነው።

ሲያስፈርሙሽ ደግሞ የምትፈርሚውን አንብቢ። የፈቃድ ወረቀት ላይ የምትመለሺበት ቀን አለ። የአገልግሎት ማጠቃለያ ሒሳብ ወይም ቪዛ መሰረዝ የሚል ቃል ካየሽበት ግን ፈቃድ ሳይሆን ስንብት ነው፤ ያልገባሽ ከሆነ ሳትፈርሚ ፎቶ አንስተሽ ለሚያነብልሽ ሰው ላኪ።

ለምን ለገና አትግቢ እንዳልን ደግሞ ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በ2019 ገና ሐሙስ፣ ጥምቀት ማክሰኞ ነው የሚውሉት። በአንቺ ሐሳብ ብንሄድ ፈቃድሽ ሰኞ ታኅሣሥ 26 ጀምሮ ቅዳሜ ጥር 15 ያልቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ሐሙስ በዓል ነው፤ ረቡዕ የዋዜማ ሽር ጉድ፣ ዓርብም የበዓል ማግስት። የመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ሰኞ ከተራ፣ ማክሰኞ ጥምቀት፣ ረቡዕ ቃና ዘገሊላ። ሐኪም ቤት የተመላላሽ ክፍል በበዓል አይሠራም፤ ድንገተኛ ክፍል ብቻ ነው ክፍት የሚሆነው። ለሕክምና የሚተርፍሽ በመሐል ያለው አንድ ሳምንት ብቻ ነው ማለት ነው። የታዘዘው ምርመራ ውጤት ሳይደርስ ወይም አዲሱ መድኃኒት ሳይስማማቸው ቢቀር ተመልሰሽ የምታሳዪበት ቀን የለም። መመለሻሽም ጥምቀትን ጎንደርና ባሕር ዳር ያከበረ ሰው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ የሚጎርፍበት ሰሞን ላይ ያርፋል፤ የአገር ውስጥ በረራ መቀመጫ የሚታጣው ያኔ ነው።

እኛ ባልነው ግን ከሰኞ ጥር 3 እስከ ዓርብ ጥር 7 አምስት ሙሉ የሥራ ቀን አለሽ። ጥምቀት መሐል ላይ ይገባል፤ ታቦቱን ከወላጆችሽ ጋር ታነግሻለሽ። ከዚያ ከሰኞ ጥር 17 እስከ ሐሙስ ጥር 20 ለሁለተኛው ቀጠሮ አራት ቀን ይቀርሻል፤ መንገደኛውም እስከዚያ ተንኖ ያልቃል።

ትኬቱን ከዱባይ እስከ ባሕር ዳር በአንድ ላይ ቁረጪ። ከዱባይ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ያህል፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሁለቱን በየብቻ ቆርጠሽ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው ትቶሽ ይሄዳል፤ የሚከፍልሽም የሚያስተካክልልሽም የለም። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን አየር መንገዱ በሚቀጥለው በረራ ሊያሳፍርሽ ይገደዳል። ሻንጣም አለ፤ ለብቻው በተቆረጠ የአገር ውስጥ ትኬት የሚፈቀደው ኪሎ ከውጭው ስለሚያንስ ቦሌ ላይ ለትርፍ ኪሎ ትከፍያለሽ። ቦሌ ስትደርሺ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ የምታልፊው እዚያ ስለሆነ በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ይኑር። እሑድ ጠዋት ደርሰሽ ከሰዓት በኋላ ባለው ብትቀጥዪ እሑድ ማታ ባሕር ዳር ታድሪያለሽ።

ሰዓቱን በደንብ እዪው። ትኬቱ ላይ 01:30 እሑድ ካለ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ እሑድ ማታ ወደ ኤርፖርት የሄደች ሰው በረራዋ ካለፈ ሙሉ ቀን ሆኖታል። 15:00 ካለም ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የሚቀበልሽ ሰው ጋ ስትደውዪ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ነግረሽ «በአውሮፓ ደግሞ ይሄ ነው» ብለሽ ድገሚለት። ዱባይ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ትኬቱ ግን እያንዳንዱን ሰዓት በየከተማው ሰዓት ነው የሚጽፈው፣ አንቺ ደምረሽ ቀንሰሽ አትነካኪው።

በመኪና ከአዲስ አበባ መሄድን በዕቅድሽ ውስጥ አታስገቢ። መንገዱ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በጸጥታ ምክንያት ሳይታሰብ ሲዘጋ ኖሯል። ስትሄጂ ቢዘጋብሽ አንድ ሁለት ቀን ይጠፋል፤ ስትመለሺ ቢዘጋብሽ ሥራሽን ይነካል።

መመለሻውን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሪ። ሰኞ ጥር 24 ሥራ፤ እሑድ ጥር 23 ዱባይ ዕረፍት፤ ቅዳሜ ጥር 22 ከአዲስ አበባ በረራ፤ ዓርብ ጥር 21 ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ፣ አዳር እዚያው። የዓርቡ ቢሰረዝ የቅዳሜ ጠዋቱ አለ፤ የቅዳሜው ቢሰረዝ እሑድ አለ። ወላጆችሽ «አንድ ቀን ጨምሪ» ማለታቸው አይቀርም፤ የዓርቡን አዳር ለዚያ አትስጪው። በዚህም አቆጣጠር ከእሑድ ጥር 2 እስከ ዓርብ ጥር 21 አሥራ ዘጠኝ ሌሊት ከእነሱ ጋር ታድሪያለሽ።

ፓስፖርትሽ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆኑን ዛሬውኑ እዪ፤ ከቀነሰ እድሳቱ ጊዜ ይወስዳል። የኤምሬትስ መታወቂያሽን ከእጅሽ አትለዪ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመኖሪያ ፈቃድ ፓስፖርት ላይ መለጠፉ ስለቀረ ከኢትዮጵያ ስትመለሺ ነዋሪነትሽን የምታሳዪው በመታወቂያው ነው። ፎቶውን ስልክሽ ላይ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን አንድ ኅትመትም ሻንጣሽ ውስጥ ያዢ።

አሁን ለወንድምሽ የሚሰጥ ሥራ አለ፤ አንቺ ከመምጣትሽ አራት ሳምንት በፊት ይጀምር። አባትሽ ክትትል ባላቸው ሐኪም ቤት ለረቡዕ ጥር 5 ቀጠሮ ያስይዝ፤ ለእናትሽ በማግስቱ። ማክሰኞን ነፃ የምንተወው በረራሽ ቢዘገይ እንዲያካክስ ነው። እስካሁን የተነሡትን ሲቲ ስካን ፊልም፣ የመውጫ ወረቀቱን፣ የሁለቱንም ካርድ በአንድ ፌስታል ያስቀምጥ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ስምና ሚሊግራሙ በሚታይበት ጎን ፎቶ አንሥቶ ይላክልሽ፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወስዱም ከሥሩ ይጻፍ። ከቻለ ደግሞ የአባትሽን የደም ግፊት ጠዋትና ማታ እየለካ በደብተር ይመዝግብ። ሐኪሙ በአንድ ቀን ልኬት መድኃኒት ከሚቀይር የሁለት ሳምንት ምዝገባ ቢያይ ይመርጣል። ክንድ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ ከዱባይ ቀድመሽ በሰው ብትልኪለት ከሚያስደስታቸው ስጦታ ሁሉ ይጠቅማል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ባሕር ዳር ዘመድ ቤት አድርጉት። ከዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ቢሆንም ግራ ጎናቸው ለደከመ ሰው ችግሩ ሐይቁ ላይ አይደለም፤ ከወደቡ ወደ ጀልባው የሚረግጡባት አንዲት ርምጃ ናት። ከተቻለ በየብስ በመኪና ይምጡ። ጀልባ ግድ ከሆነ ጠዋት ይሁን፤ ጣና ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣ ይናወጣል። ሁለት ሰው በሁለት ጎን ይያዛቸው፤ የደከመውን ክንዳቸውን ግን ማንም አይጎትት። ከስትሮክ በኋላ ትከሻው ስለሚላላ በአንድ ጉተታ ሊወልቅ ይችላል። ብብታቸውን ሳይሆን ወገባቸውን ደግፉ።

ቀጠሮው ላይ ስለ መድኃኒት ብቻ ጠይቀሽ አትውጪ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲያያቸው በስም ጠይቂ፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በዚያ ሳምንት ይሂዱ። ባለሙያው የሚያሠራቸውን እንቅስቃሴ በስልክሽ ቅረጺ፤ ወንድምሽም አብሮ ገብቶ በእጁ ይሞክረው። አንቺ ሁለት ሳምንት ብታሠሪያቸው ከጥር 21 በኋላ የሚያሠራቸው እሱ ነው። ውኃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ወይም ድምፃቸው አክታ እንደያዘው ሰው የሚሆን ከሆነም ለሐኪሙ ተናገሪ። ምግብና ውኃ ወደ አየር ቧንቧ እየገባ መሆኑን ያሳያል፤ የሳንባ ምች የሚያመጣውም እሱ ነው።

እናትሽን በተመለከተ «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለውን ምርመራ ጠይቂ። እሱ በባዶ ሆድ መሆን አይፈልግም፣ ያለፉትን ወራት አማካይ ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ ለምርመራው ቀን ብቻ ተጠንቅቆ መብላት አያታልለውም። በባዶ ሆድ የሚሠራ ሌላ ምርመራ ከታዘዘ ስምንት ሰዓት ሳይበሉ ይሄዳሉ፤ የጠዋቱ የስኳር ኪኒን ግን ሳይበሉ አይዋጥም፣ ከምግብ ጋር በቦርሳሽ ይዘሽ ደሙ እንደተቀዳ ስጫቸው። ሰኞ ጥር 10 ገሃድ ነው፤ እናትሽ ሊጾሙ ይፈልጋሉ። እስከ ስንት ሰዓት መቆየት እንደሚችሉና የዚያን ቀን ኪኒን እንዴት እንደሚሆን ሐሙስ ጥር 6 ሐኪሙን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ካስፈለገም የንስሐ አባታቸውን አነጋግሪ። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የንግግር መዘባረቅ ካየሽ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው። ራሳቸውን እስካወቁና መዋጥ እስከቻሉ ድረስ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ወዲያው አጠጫቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳትሰጪ ወደ ድንገተኛ ክፍል አድርሻቸው።

የሚዘገይ ነገር ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ? የአባት ሕመም በኤምሬትስ ሕግ ለብቻው ፈቃድ አያሰጥም፤ የሕመም ፈቃድ የታመመችው ሠራተኛዋ ራሷ ስትሆን ነው። ስለዚህ የሐኪም ወረቀት መያዝሽ ብቻውን አይጠብቅሽም፤ የሚጠብቅሽ አስቀድሞ የተገኘ መልስ ነው። እኛ 4 ቀን ሳትነኪ አስቀሪ ያልንሽ ለዚህ ነው። ፈቃድሽ ሳያልቅ፣ ቢዘገይ እስከ ረቡዕ ጥር 19፣ ለኩባንያው ጽፈሽ በቀሩት 4 ቀናት እንዲራዘምልሽ ጠይቂ። ከዚያም በላይ ካስፈለገ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቂ፤ እሱ በአሠሪው ፈቃደኝነት የሚሰጥ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈና ማኅተም ያለበት የሐኪም ወረቀት አያይዢ። ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ፈቃድ በተከታታይ ከ7 ቀን በላይ የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል፤ ከ7 ቀን በታች ብትቀሪም ያልሠራሽበት ቀን አይከፈልም።

ይህንን ማንሣት ከባድ ቢሆንም መጻፍ አለብን፦ ወላጅ ቢሞት ሕጉ ከሞቱበት ቀን የሚቆጠር 3 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ከዱባይ ባሕር ዳር ደርሶ ለመመለስ ብቻ ሁለቱ ያልቃል። እነዚያ 4 ቀናት ባይራዘሙና ሳትነኪያቸው ብትመለሺ ለሌላ ነገር አትበትኛቸው፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ከሦስቱ ጋር ተደምረው ሰባት ይሆናሉ።